አራሚዋ ያጠበችው ርዕስ

ስሟን ጠርቶ የሚያነጋግራት ሰው ጥቂት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጋዜጣ ቤት የፊደል ግድፈት ስትለቅም ኖራ "አራሚዋ" ተባለች። ጋዜጣው ተዘግቶ ሠራተኛው ሲበተን ወንበሩም ጠረጴዛውም እዚያው ቀረ፣ ቅጽል ስሙ ግን ተከትሏት ወጣ። እሷም አልጠላችውም። ሰው በሥራው ቢጠራ ምን ነውር አለው?

አሁን የምትሠራው አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ ድሮ የካርድ ማስቀመጫ በነበረች፣ መስኮቷ ወደ ጄኔሬተሩ በሚከፈት ጠባብ ክፍል። የክሊኒኩ ባለቤት የስኳር ሐኪም ናቸው። በሳምንት ሁለት ቀን የመጨረሻውን ሕመምተኛ ሸኝተው እዚያች ክፍል ይገቡና ካሜራ ፊት ተቀምጠው ለኢንተርኔት ቻናላቸው ስለ እግር እንክብካቤ፣ ስለ መርፌ አወጋግ፣ ስለ አመጋገብ ይናገራሉ። ሲናገሩ ሰው አፉን ከፍቶ ያዳምጣቸዋል። ርዕስ አውጡለት ሲባሉ ግን ያው ሰው የሚይዙት የሚጨብጡት ይጠፋቸዋል። አራሚዋ የተቀጠረችው ለዚህ ነው። ርዕሱን፣ ከሥሩ የሚገባውን መግለጫና ቪዲዮው ሳይከፈት በሚታየው የፊት ምስል ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ትጽፋለች።

ቀላል ሥራ የሚመስለው ላልሠራው ነው። እሷ ከመምጣቷ በፊት ዶክተሩ "ስኳርን በሎሚ ማዳን ይቻላል?" የሚል ቪዲዮ ለቀው ነበር። ውስጡ ላይ "አይቻልም፣ አትታለሉ" እያሉ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ይማጸናሉ። መግለጫው ላይ ግን የክሊኒኩ ስልክ ቁጥር ብቻ ነበር። ቻናሉ ያለበት የኢንተርኔት መድረክ ማሽን ርዕሱን አነበበ፣ ከሥሩ የሚያስተባብል አንድም ቃል አጣ፣ ጎጂ የሕክምና መረጃ ነው ብሎ ቪዲዮውን አነሳው። ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ይግባኝ ቢሉም ሰሚ አላገኙም። ከዚህ በኋላ በዘጠና ቀን ውስጥ ሦስት ቅጣት ከተደራረበባቸው ቻናሉ እስከነአካቴው እንደሚጠፋም ተነገራቸው። በሬ ወለደ የሚለው በየመንደሩ እየተጨበጨበለት እውነት የተናገሩት ሐኪም መቀጣታቸው አንድ ሳምንት እንቅልፍ ነሳቸው።

አራሚዋ እንደገባች ከሦስት መቶ በላይ ርዕስ አንድ በአንድ አጠበች። የመጀመሪያው ሕጓ እውነቱ ከፊት ይምጣ የሚል ነው። የሎሚው ቪዲዮ እንደገና ተቀርጾ "ሎሚ ስኳርን አያድንም፦ የስኳር ሐኪም ማብራሪያ" ተባለ። ከመግለጫው የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ሰው ሳይጫን ስለሚያያቸው፣ ማን እንደሚናገርና ለምን እንደሚናገር እዚያ ይገባል፤ የጥናቱ ምንጭ ይከተላል። አንድ ወፍራም ደብተር አላት። በግራ በኩል "ይፈውሳል"፣ "ከሥሩ ይነቅላል"፣ "በዚህን ያህል ቀን"፣ "ሐኪሞች የደበቁት" የሚሉት በቀይ ተሰርዘው ተኮልኩለዋል። በቀኝ በኩል "ሊያግዝ ይችላል"፣ "አንዳንድ ጥናቶች እንደሚጠቁሙት"፣ "ሐኪምዎን ያማክሩ" ተደርድረዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ቪዲዮውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታይ አንድ ቃል አትጽፍም። ውስጡ ውሸት ከሆነ "ሐኪም ያማክሩ" የሚል ማስታወሻ ደንቡ ፊትም እንደማያድን፣ ሰውንም እንደማያድን ታውቃለች።

"እሷ እኮ" ይሉ ነበር ዶክተሩ ለነርሶቹ፣ "ውኃ ያረጥባል ብል፣ ሊያረጥብ ይችላል ብላ ታርመኛለች።"

ነርሶቹ ይስቃሉ። አራሚዋም ትስቃለች። ሁለት ዓመት አለፈ፤ አንድም ቅጣት አልመጣም።

አንድ ታላቅ እህት አለቻት፤ እትዬ ትላታለች። እናታቸው ገና በልጅነታቸው ስለሞተች ያሳደገቻት፣ ፀጉሯን የጎነጎነችላት፣ ትምህርት ቤት አድርሳ የመለሰቻት እሷ ናት። እትዬ ስኳር ከያዛት አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። ስልክ ከተገዛላት ወዲህ ቀኑን ሙሉ ስለ ጤና የሚያወሩ ቪዲዮዎችን ታያለች፤ አንዱን ዘግታ ሌላውን ትከፍታለች። የቱ እውነት የቱ ውሸት እንደሆነ ግራ ሲገባት ለእህቷ ትደውላለች።

"ይኼ በሰባት ቀን ይላል፤ ልመነው?"

"እትዬ፣ የሚጮኸውን ተይው" ትላታለች አራሚዋ። "ይፈውሳል ብሎ የሚምል ሰው ይዋሻል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሊያግዝ ይችላል፣ ሐኪምሽን አማክሪ የሚልሽን ነው የምታምኚው። እንደኛ የሚጽፈውን።"

"አሃ፣ እንደናንተ።" እህቷ ትምህርቱን እንደ ቃል ኪዳን ያዘችው። እሷ ደግሞ አንዴ የያዘችውን የምትለቅ ሴት አይደለችም።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን አራሚዋ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጣ የሰው ማመልከቻ ታርማለች። ቅጠል ነጋዴው ያገኛት እዚያ ነው። ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ሲናገር አንገቱን ሰበር የሚያደርግ፣ ለዓይን ጨዋ ሰው ነው። የደረቀ ቅጠል በላስቲክ እያሸገ ይሸጣል፤ የገዛ ቻናሉም አለው።

"እህቴ፣ የዶክተሩን ቻናል የምትጽፊው አንቺ ነሽ አሉ። ሁለት ቅጣት አለብኝ። ሦስተኛው ከመጣ ጉሮሮዬ ተዘጋ ማለት ነው።"

ሊለቅ ያዘጋጀውን ርዕስ በስልኩ አሳያት፦ "ስኳርን በ21 ቀን ከሥሩ የሚነቅል ቅጠል! መርፌ ደህና ሰንብች!" አራሚዋን እንደ ጥርስ ሕመም ጠዘጠዛት። መጀመሪያ እምቢ ልትል ነበር። ግን እጇ ቀይ እስክሪብቶውን አንስቶ ነበር፤ የሃያ ዓመት ልማድ ነው። ይህን ያህል የተበላሸ ጽሑፍ ፊቷ ተቀምጦ አላርምም ማለት አልቻለችም። ደግሞም ራሷን ማሳመን አላቃታትም፦ ሰውዬው በራሱ ቋንቋ እየጮኸ ሕዝብ ከሚያሳስት፣ በኔ ቋንቋ ዝግ ብሎ ቢናገር አይሻልም? ውሸቱን እኮ ነው የማወጣለት።

"ቪዲዮው ምን ይላል?" አለችው።

"ስለ ዕፅዋት ነው። ልምዴን ነው የማካፍለው።"

"ስንት ደቂቃ ነው?"

"ሃምሳ ሁለት።"

ከኋላዋ አራት ሰው ማመልከቻውን ይዞ ተሰልፏል። ሃምሳ ሁለት ደቂቃ የቅጠል ወሬ! እውነቱን ልናገር፤ ጊዜ ማጣት ብቻ አልነበረም። ማየት አልፈለገችም። ብታየው አትጽፈውም ነበር፤ መጻፉ ደግሞ ጥሟታል።

"የስኳር ሕመምና ዕፅዋት፦ የአንድ ባህላዊ አዋቂ ልምድ" ብላ ጻፈችለት። ከሥሩም፦ "ይህ ቪዲዮ የግል ልምድ ለማካፈል የተዘጋጀ ነው። አንዳንድ ተጠቃሚዎች ለውጥ እንዳዩ ይናገራሉ፤ ውጤቱ ግን ከሰው ሰው ሊለያይ ይችላል። በሕክምናዎ ላይ ማንኛውንም ለውጥ ከማድረግዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።" የቀን ቁጥሩን ሰረዘችው። "መርፌ ደህና ሰንብች" የሚለውን ከፊት ምስሉም ላይ አስነሳችው፤ ማሽኑ ምስል ላይ ያለ ጽሑፍም እንደሚያነብ ነገረችው። ሲሄድም "የመድኃኒት ስም ባትጠራ ይሻላል" ብላ መከረችው። የቃላቱን ደብተር በስልኩ ፎቶ አንስቶ፣ አመስግኖ፣ አንገቱን ሰብሮ ሄደ።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል። ቪዲዮው ተለቀቀ። ማሽኑ ርዕሱን አነበበ፣ መግለጫውን አነበበ፣ አንድም እንከን አጣ። ይህን በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ማሽኑ የእኛን ቋንቋ ሲጻፍ እንጂ ሲነገር እምብዛም አጥርቶ አይሰማም ይባላል። አራሚዋ ጉዳዩን ረሳችው።

ከአንድ ወር በኋላ፣ ረፋድ ላይ፣ የእህቷ ልጅ ደወለች። "አክስቴ፣ እማዬ ታወራለች ግን ወሬዋ አይያያዝም። አተነፋፈሷ ልክ አይደለም። ጠዋት ሁለቴ አስመለሳት።"

አራሚዋ ምልክቱን ታውቀዋለች። ስለዚሁ ምልክት አንድ መግለጫ ጽፋለች፤ ሦስቱንም ነጥብ በራሷ እጅ ነው የደረደረችው። "አሁኑኑ ሆስፒታል!" ብላ ጮኸችና በክሊኒኩ ነጠላ ጫማ እየሮጠች ወጣች።

ሐኪሞቹ የስኳሯ መጠን መለኪያው ከሚያነበው በላይ ሆኖ አገኙት። ደሟ መርዟል። ቀኝ እግሯ ላይ የነበረችው፣ ትድናለች እየተባለች ስትታጠብ የከረመችው ትንሽ ቁስል ጠቁራ ወደ ላይ ተስፋፍታለች። ሦስት ቀን ነፍሷን ለማትረፍ ታገሉ። በአራተኛው ቀን እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆረጡት።

"ኢንሱሊን መቼ ነው ያቆመችው?" ብሎ ጠየቀ ተረኛው ሐኪም ኮሪደሩ ላይ።

"አላቆመችም!" አለች አራሚዋ፤ ልትቆጣው ምንም አልቀራት።

የእህቷ ልጅ መሬት መሬት እያየች "አቁማለች" አለች። "ለሃያ አንድ ቀን ብቻ ብላ ነው። እኔም ተቆጥቻት ነበር። ይኼኛው እኮ የሚጮኽ አይደለም፣ አክስትሽ እመኚ ያለችኝን ዓይነት ነው፣ አለችኝ።" ስልኩን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት።

አራሚዋ ርዕሱን አየችው። "የስኳር ሕመምና ዕፅዋት።" ሁለት ነጥቡን አየችው፣ "ከሰው ሰው ሊለያይ ይችላል" የሚለውን አየችው። አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ያኔ ማድረግ የነበረባትን አደረገች፤ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው ከፈተችው። በጎኗ ቃሬዛ ሲያልፍ እግሯን ሰብሰብ እያደረገች፣ የሃምሳ ሁለቱን ደቂቃ የቅጠል ወሬ አንድ ቃል ሳታሳልፍ ሰማች። ሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ሰውዬው ድምፁን አለዝቦ፣ "መርፌዋን ለሃያ አንድ ቀን ብቻ አሳርፏት፤ ቅጠሉ ከመርፌዋ ጋር አይስማማም" ይላል። የመድኃኒት ስም አልጠራም። የተመከረውን በደንብ ሰምቷል።

ደወለችለት። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንዲሉ፣ ጮኸችበት። እሱ ግን አልጮኸም።

"እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። ግን እኔ ምን አጠፋሁ? መግለጫው ላይ ሐኪም ያማክሩ ይላል። ራስሽ አይደለሽም የጻፍሽው?"

"ቪዲዮውን አውርደው! ዛሬውኑ!"

"እስካሁን እንደሱ የታየልኝ የለም" አለና ዘጋው።

ለመድረኩ ጠቆመች። አደገኛ የሕክምና መረጃ የሚለውን መረጠች፣ ሠላሳ ስምንተኛውን ደቂቃ ጠቀሰች፣ የተባለውን ቃል በቃል ጻፈች፣ እህቷ ላይ የደረሰውንም ጨመረች። ለጠቆመ ሰው ደብዳቤ አይመጣለትም፤ የጠቆማቸው ቪዲዮዎች የተዘረዘሩበት ገጽ አለ፣ እዚያ ገብቶ ተነሥቷል ወይስ አለ የሚለውን ማየት ነው። በየሰዓቱ ትከፍተዋለች። "አለ" ይላል። በማግስቱም አለ። በሳምንቱም አለ።

ወደ ዶክተሩ ሄደች። ማን እንደጻፈው ሳትናገር አሳየቻቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መግለጫውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ይኼን የሚያነሣው የለም" አሉ። "ተመልከቺ እስቲ። ቃል አይገባም፣ ቀን አይጠራም፣ ሐኪም አማክሩ ይላል። የኛን መምሰሉ! ሰውዬው ጎበዝ ጸሐፊ ቀጥሯል።" ስልኩን መለሱላትና ፊቷን አዩት። "ምነው? እህትሽ እንዴት አደረች?"

"ደህና ናት" ብላ ወጣች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለሷ የተነገረ መሰላት፤ ሁለት ዓመት የሌላውን ቤት ስትጠብቅ የእትዬን በር ራሷ ከፍታ ሰጥታለች። መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች። ጄኔሬተሩ እየጮኸ ስለነበር ማንም አልሰማትም።

እትዬ ወደ ተራው ክፍል ስትዛወር አእምሮዋ ተመልሶላታል። ስድስት አልጋ ያለበት፣ ግድግዳው እስከ ወገቡ በዘይት ቀለም የተቀባ ክፍል ነው። አራሚዋ ሾርባ በማንኪያ እያጎረሰቻት ነበር። እህቷ ከሦስተኛው ጉርሻ በኋላ እጇን ያዘችው።

"ሰውዬውን አትርገሙት" አለች። "ልጄም ትረግመዋለች፣ ነርሷም ትረግመዋለች። ጥፋቱ የኔ ነው። ሐኪም አማክሩ ብሎ ጽፏል፤ እኔ ነኝ ያላማከርኩት። ጨዋ ሰው ነው። አጻጻፉ እንኳ ያንቺን ይመስላል።"

ዝም ማለት ይቻል ነበር። እህቷ ጥፋቱን ራሷ ተሸክማ፣ አጣጥፋ፣ ከትራስዋ ሥር አስቀምጣዋለች፤ ማንም አይጠይቅም። አራሚዋ ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠችው።

"እትዬ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"ምኑን?"

"ርዕሱን። ሐኪም አማክሩ የሚለውን። ሁሉንም። መጥቶ ለመነኝና ጻፍኩለት። ቪዲዮውን ሳላየው ነው የጻፍኩት።"

እህቷ ብርድ ልብሱ ከጉልበቷ በታች ዝቅ ያለበትን ቦታ አየችው፣ ቀጥላ የእህቷን ፊት አየችው።

"እኔ እንደማየው ታውቂ ነበር?"

"አላውቅም ነበር! ባውቅማ ስልክሽን ነጥቄ እሰብረው ነበር እትዬ!" አራሚዋ እንባዋ ቀደማት። "ይቅር በይኝ።"

"ቂም አልይዝብሽም፤ አሳድጌሻለሁ፣ አውቅሻለሁ።" እትዬ አንገቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፣ ደክሞት ነበር። "ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። እኔ ባልሆን ኖሮ፣ የማታውቂያት ሴት ብትሆን እዚህ የተኛችው፣ አንቺ ዛሬ የት ነበርሽ?"

አራሚዋ መልሱን ለማለዘብ ቃል ፈለገች፤ አላገኘችም።

"ሥራ ላይ" አለች።